የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ አይለወጥም።» ይህን ጽሑፍ ያላየ ገዢ የለም። መርካቶ ከመደርደሪያው በላይ ተለጥፎ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ በደረሰኙ ግርጌ በማህተም ተመትቶ ይገኛል። ብዙ ሰው ሕግ ስለሚመስለው፣ የገዛው ስልክ በሳምንቱ ሲበላሽበት ዕድሉን አማርሮ ዝም ይላል። ጽሑፉ ግን የሻጩ ፍላጎት እንጂ ሕግ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃውን ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥለት ወይም የከፈለውን ገንዘብ እንዲመልስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን መብት ሊያነሳ አይችልም።

አዋጁ የሚናገረው ስለ ጉድለት መሆኑን ግን መያዝ ያስፈልጋል። ስልኩ ደህና ሆኖ ቀለሙ ካልወደድነው ወይም ሌላ ሱቅ ውስጥ በርካሽ ካየነው፣ መመለስ አለመመለሱ በሻጩ ፈቃድ ላይ ነው። ቻርጅ የማያደርግ፣ ድምፅ የማያሰማ፣ በራሱ የሚጠፋ ወይም ሲሸጥልን ከተነገረን ዓይነት ውጪ ሆኖ የተገኘ ስልክ ሲሆን ነው ጥያቄያችን የሕግ ጥያቄ የሚሆነው።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው። አንደኛው አሁን ያነሳነው የ15 ቀን መብት ሲሆን ሕግ የሰጠን፣ ግዴታውም በሻጩ ላይ የወደቀ ነው። ሁለተኛው ከስልኩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዋራንቲ ነው። ይህን የሚሰጠው አምራቹ ወይም አስመጪው ነው፤ ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ነው፤ ግዴታውም በአብዛኛው መጠገን ነው። በዋራንቲ ገንዘብ መመለስ የተለመደ አይደለም፤ አዲስ ስልክ የሚሰጠውም ጥገናው አልሳካ ሲል ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። አዋጁም የ15 ቀኑ መብት ለሸማቹ የተሻለ ጥቅም የሚሰጥ ዋስትናን ወይም ውልን እንደማይነካ ይደነግጋል። ስለዚህ ሻጭ «ዋራንቲ አለው፣ እዚያው ሂድ» ብሎ የራሱን ግዴታ ወደ አምራቹ ማሻገር አይችልም።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚበላሽ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንዲት መምህርት ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ስልክ ገዛች እንበል። ጥቅምት 10 ላይ ስልኩ ቻርጅ ማድረግ አቆመ፤ ሲሰካም እጅ እስከሚያቃጥል ይግላል። በማግስቱ ሱቁ ሄደች። ሻጩ በትሕትና ተቀብሏት «ችግር የለም፣ ሰርቪስ ሴንተር ውሰጂው፣ በነፃ ያዩልሻል» አላት። ወሰደችው። እዚያም ተቀብለዋት «ከሳምንት በኋላ ነይ» አሏት። ጥቅምት 19 ስትሄድ ስልኩ ተጠግኗል ተብሎ ተሰጣት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ያው ችግር ተመለሰ። አሁን ወደ ሻጩ ዞራ «ለውጥልኝ» ስትለው መልሱ አጭር ነው፤ 15 ቀኑ ጥቅምት 17 አልፏል። በዘጠነኛው ቀን ሱቁ እንደነበረች እሷ ታውቃለች፤ ሻጩም ያውቃል። በእጇ የሚያሳይ ወረቀት ግን የለም።

መምህርቷ ወደ ጥገና መሄዷ ስህተት አልነበረም፤ ጥገናን መቀበል መብቷ ነው። የጎደለው ከመሄዷ በፊት ጥያቄዋን በጽሑፍ አለማድረጓ ነው። ጽሑፉ ጠበቃ አይፈልግም፤ እንዲህ ያለ ሦስት መስመር ይበቃል፦

«በ12/10/2024 እ.ኤ.አ. በደረሰኝ ቁጥር … ከሱቅዎ የገዛሁት፣ IMEI ቁጥሩ … የሆነ ስልክ ከጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቻርጅ አያደርግም፤ ሲሰካም ከመጠን በላይ ይግላል። በመሆኑም እንዲለወጥልኝ ወይም የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

ይህ በሁለት ቅጂ ይጻፋል። አንዱ ለሻጩ ይሰጣል፤ ሌላው ላይ ሻጩ ወይም ሠራተኛው ተቀብያለሁ ብሎ ቀንና ፊርማ ያኖርበታል። አልፈርምም ካለ ያንኑ ጽሑፍ በሚሠራበት ስልክ ቁጥር በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ የተላከበት ቀንና ሰዓት ተመዝግቦ ይቀራል። ሰው ይዞ ሄዶ በፊቱ መስጠትም ሌላ መንገድ ነው። ከዚህ በኋላ ስልኩ ጥገና ቤት አንድ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ቢቆይ፣ ጥያቄው በጊዜው መቅረቡን የሚያሳይ ነገር አለ። ሻጮች በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄን ከአፍ ጥያቄ ለይተው እንደሚያዩት ያልተረዳ ገዢ ብዙ ነው። ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው።

የጽሑፉ መነሻ ደረሰኝ ነው። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ወዲያውኑ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቀነስ አደርግልሃለሁ» የሚለው ቃል ሲነገር ጥሩ ይመስላል፤ ደረሰኙ ከሌለ ግን መቼ እንደገዛን፣ ከማን እንደገዛን፣ ስንት እንደከፈልን ማስረዳቱ የራሳችን ሸክም ይሆናል። ደረሰኝ ሲሰጠንም ማየት ያለብን ነገር አለ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ብዙ ጊዜ «ሞባይል» ብሎ ብቻ ያልፋል። የትኛው ስልክ መሆኑን የሚለየው IMEI የሚባለው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ነው። ስልኩን ከፍተን *#06# ስንጽፍ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ ሁለት ሲም በሚወስድ ስልክ ላይ ሁለት ቁጥር ይታያል። ይህ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆኑን ሱቁ ውስጥ እያለን ማረጋገጥ፣ ከዚያም በዋራንቲ ካርዱ ላይ ቁጥሩ፣ የሽያጩ ቀንና የሱቁ ማህተም እንዲሰፍር መጠየቅ ያስፈልጋል። ማህተም የሌለው ባዶ ካርድ ሰርቪስ ሴንተር ሲደርስ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ቀኑ ካልተጻፈበት፣ ዋራንቲው የተጀመረበትን ቀን ስልኩ ከፋብሪካ ከወጣበት ወይም መጀመሪያ ከተከፈተበት ቀን ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ ያ ደግሞ ከገዛንበት ቀን ብዙ ወር ሊቀድም ይችላል። ካርቶኑ ቀድሞ ተከፍቶ፣ ስልኩ ለማሳያ ሲበራ ሲጠፋ የቆየ ከሆነም እንደዚያው ነው።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ነው። ቦርሳ ውስጥ ወይም ፀሐይ ባለበት ቦታ ሲቆይ በጥቂት ወራት ውስጥ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ዓመት ሳይሞላው ባዶ ወረቀት ሆኖ የሚገኝም አለ። ይቆይልኝ ብለው ላሚኔት የሚያስደርጉት ሰዎች ደግሞ የባሰ ይጎዳሉ፤ የማሽኑ ሙቀት ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ያጠቁረዋል። የሚሻለው በገዙበት ቀን ፎቶ ማንሳትና አንድ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ከዋናው ጋር ማስቀመጥ ነው። ፎቶውን ግን በዚያው በገዙት ስልክ ብቻ አያስቀምጡት፤ ለቤተሰብ መላክ ወይም ኢሜይል ላይ መተው ይሻላል።

ቀኑ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የመምህርቷ ደረሰኝ 12/10/2024 ይላል። ከወራት በኋላ ይህን የሚያነብ ሰው ኦክቶበር ጥቅምት ነው ብሎ ስለለመደ «ጥቅምት 12 ነው የገዛሁት» ይላል። ትክክለኛው ቀን ግን ጥቅምት 2 ነው። አሥር ቀን ትንሽ ትመስላለች። ስልኩ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ተበላሽቶ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. «አራት ቀን አለኝ» ብሎ ሰርቪስ ሴንተር የሄደ ሰው ግን ዋራንቲው ከስድስት ቀን በፊት ማለቁ ይነገረዋል። የሚያበቃበትን ቀን በካርዱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በራስ እጅ መጻፍ ይህን ያድናል።

ወደ ዋራንቲው እንምጣ። ሰርቪስ ሴንተር ስልክ ስንወስድ ተቀባዩ መጀመሪያ የሚያደርገው የተበላሸውን መመልከት አይደለም። IMEI ቁጥሩን ከካርዱ ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ የሲም ካርድ መክተቻውን ያወጣና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ያያል። እዚያ ውስጥ በብዙ ስልኮች ላይ ነጭ የሆነች ትንሽ ምልክት አለች። ውሃ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሲነካት ወደ ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ ትለወጣለች፤ ቢደርቅም ወደ ነጭ አትመለስም። ሌሎች እንደዚሁ ያሉ ምልክቶች በስልኩ ሆድ ውስጥ በተለያየ ቦታ ይለጠፋሉ። ቀይዋ ከታየች ጥያቄው እዚያው ውድቅ ይሆናል፤ ምክንያቱም የፈሳሽ ጉዳት የፋብሪካ ጉድለት ተደርጎ አይቆጠርም። ውሃ ይቋቋማል ተብለው የሚሸጡ ውድ ስልኮችም በዋራንቲ ውላቸው ውስጥ የፈሳሽ ጉዳትን እንደማይሸፍኑ ጽፈው ነው የሚመጡት። ማስታወቂያው ስልኩን ውሃ ውስጥ እያሳየ ውሉ ይህን ማለቱ ገዢን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ፤ ግን የሚሠራው ውሉ ነው።

ውድቅ ሲደረግ ዝም ብሎ መውጣት አይገባም። ምልክቷን እንዲያሳዩን፣ በእኛም ስልክ ፎቶ እንድናነሳት፣ ምክንያቱም በጽሑፍ እንዲሰጠን መጠየቅ እንችላለን። አንድ ቦታ «ውሃ ገብቶበታል» ተብሎ የተመለሰ ስልክ ሌላ ቅርንጫፍ ሲታይ ምልክቷ ነጭ ሆና ልትገኝ ትችላለች። በጽሑፍ የተሰጠ ምክንያት በኋላ ለንግድ ቢሮም ሆነ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል።

ከውሃ ቀጥሎ ብዙውን ዋራንቲ የሚያሳጣው ሰፈር ውስጥ ያለ ጠጋኝ ጋር «እስኪ እይልኝ» ብሎ መውሰድ ነው። ጠጋኙ ጥሩ ሙያተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በብዙ ስልኮች ውስጥ አንዱ ብሎን ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ ብሎኑ ሲፈታ ትቀደዳለች። የተቀደደችውን ያየ የሰርቪስ ሴንተር ሠራተኛ የውስጥ ዕቃው ተለውጦ ይሁን አይሁን ማወቅ ስለማይችል ዋራንቲውን ሙሉ በሙሉ ይሰርዘዋል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ዋራንቲው የማይሸፍነው ነገርና ዋራንቲውን የሚሰርዘው ነገር የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ስክሪን መሰበር አይሸፈንም፤ ሰባሪው ይከፍላል። ነገር ግን ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ስክሪን ያለው ስልክ ድምፅ ማጉያው በራሱ ጊዜ ከተበላሸ፣ መሰንጠቁ ለድምፁ መበላሸት ምክንያት መሆኑን እንዲያስረዱ መጠየቅ ተገቢ ነው። ያልተፈቀደለት ሰው ከፍቶት ከሆነ ግን ሁሉም ነገር ያበቃል። ስልኩን ፍላሽ ማድረግ ወይም ሶፍትዌሩን መቀየር በብዙ አምራቾች ዘንድ የሚታየው እንደዚሁ ነው።

ካርዱን ስናነብ ሌላው የሚያልፈን ነገር ዘመኑ ለሁሉም ዕቃ እኩል አለመሆኑ ነው። ስልኩ 12 ወር ቢሰጠውም ለቻርጀሩና ለጆሮ ማዳመጫው፣ አንዳንዴም ለባትሪው፣ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፎ የሚታየው «10 ዓመት ዋስትና»ም በአብዛኛው ኮምፕረሰሩን ብቻ የሚመለከት ነው፤ በሩ፣ ቴርሞስታቱና ጋዙ በአጭሩ ዋራንቲ ይታያሉ፤ መብራት ሲዋዥቅ የተቃጠለ ደግሞ ጭራሹን ላይሸፈን ይችላል።

ስልኩ ሲቀበሉን የሚሰጠን የመረከቢያ ወረቀት ዋናው ነገር ነው። IMEI ቁጥሩ፣ ያመጣነው ችግር በእኛ አነጋገር፣ ስልኩ ላይ ያለው ጭረት ሁሉ፣ የተቀበሉበት ቀንና የሚመለስበት ቀን ሊሰፍርበት ይገባል። ጭረቱ የሚጻፈው ለሰርቪስ ሴንተሩ ጥቅም ብቻ አይደለም፤ ያልተጻፈ መሰበር ሆኖ ከተመለሰልን የምንከራከረው በዚሁ ወረቀት ነው። ከመስጠታችን በፊት ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን ማውጣት፣ ፎቶና ስልክ ቁጥሮችን ሌላ ቦታ መገልበጥ ይጠበቅብናል፤ ለጥገና የገባ ስልክ ብዙ ጊዜ ሁሉ ነገሩ ጠፍቶ ነው የሚመለሰውና ዋራንቲ ለጠፋ ፎቶ አይከፍልም። ያው ችግር ሲደጋገም እያንዳንዱን ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ለአንድ ብልሽት የገባ ስልክ ጥገና እንደማይበጀው የሚያስረዱት እነዚህ ወረቀቶች ናቸው፤ ስልኩ እንዲለወጥ የምንጠይቀውም በእነሱ ነው።

15 ቀኑ ካለፈ ከሻጩ ጋር ያለን ነገር ሁሉ አበቃ ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን ያስገድደዋል። ገዢው ግን ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ሲታይ የማይታወቅ፣ በኋላ የወጣ ጉድለት ከሆነ እንደታወቀ ወዲያው መንገር ያስፈልጋል። ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ጉድለቱን ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው። እዚህም ያ ሦስት መስመር ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ከእሱ ነውና። ሻጩ ኃላፊ አልሆንም የሚል ቃል ቢያስፈርመንም፣ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆን ከሆነ ያ ቃል አይጠቅመውም። ታድሶ እንደ አዲስ የተሸጠ፣ ባትሪው ወይም ስክሪኑ ተለውጦ «ያልተነካ» የተባለ ስልክ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ሻጩ በጽሑፍ ለቀረበለት ጥያቄ መልስ ከነፈገ የሚቀጥለው ቦታ በወረዳ ወይም በክፍለ ከተማ ያለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ይዘን የምንሄደው ደረሰኙን፣ ዋራንቲ ካርዱን፣ ለሻጩ የሰጠነውን ጽሑፍና ካለ የሰርቪስ ሴንተሩን ወረቀት ከነኮፒው ነው። የሱቁን ትክክለኛ ስምና የግብር ከፋይ ቁጥሩን ከደረሰኙ አናት ላይ እናገኛለን፤ በሰሌዳው ላይ ያለው የንግድ ስም ብዙ ጊዜ ከተመዘገበው ይለያልና አቤቱታ ላይ የሚጻፈው የደረሰኙ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሻጩን ጠርቶ ያነጋግራል። ብዙ ጉዳይ እዚያው ያልቃል፤ የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃድ የሚያድስበት መሥሪያ ቤት ሲጠራው ስልክ ለመለወጥ ብዙ አይከራከርም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው እዚህ አገር ሻጭ ሲኖር ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ የላከው ስልክ ሲበላሽ አዋጁ የሚይዘው ሰው የለም፤ ዋራንቲውም ብዙ ጊዜ በተሸጠበት አገር የታጠረ ነው። አፕል ለአይፎን የአንድ ዓመት ዋራንቲ ይሰጣል፤ ነገር ግን አገልግሎቱን ስልኩ በተሸጠበት አገር ሊወስነው እንደሚችል በውሉ ጽፏል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ሻጩ ለአዲስ ዕቃ ጉድለት ቢያንስ ሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው፤ ይህም መብት ያለው በዚያው በሻጩ ላይ ነው። ስለዚህ ላኪው ዘመድ ደረሰኙን ከስልኩ ጋር አይላከው፤ እሱ ጋር ይቆይ፤ ለእኛ ፎቶው ይበቃናል። ስልኩም እዚህ እንደደረሰ በመጀመሪያው ቀን ይከፈት፤ ቻርጅ ይደረግ፤ ይደወልበት፤ ካሜራውና ድምፅ ማጉያው ይሞከር። አፕል አሜሪካ ውስጥ በራሱ መደብር የተገዛን ስልክ የሚመልሰው በ14 ቀን ውስጥ ነው። ተመላሽ መንገደኛ ተገኝቶ ስልኩ ወደ ገዛው ሰው የሚደርስበትን ጊዜ ስናስብ፣ ለስጦታ ቀን ተብሎ ካርቶኑ ሳይከፈት የሚቆይበት ሳምንት ሁሉ ከዚያ ላይ ይቀነሳል።